አራት በአንድ

በዚያ ግቢ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ዘበኛውም ጸሐፊዋም «አራት በአንድ» ይሏት ነበር። ስሙን ያወጣላት የድርጅቱ ሰው ሠራሽ እግር ሠሪ ነው። አንድ ቀን የሙጫ መግዣ ላይ ራሷ ፈርማ፣ ሙጫውን ራሷ ገዝታ፣ ራሷ ተረክባ፣ ራሷ መዝግባ ስትጨርስ ቆሞ ሲያያት ቆየና፣ «ወይ ጉድ! ዶክተሩ አራት ሰው የቀጠረ መስሎኝ፣ ለካ አንዷ ናት!» አለ። ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች። ያን ቀን መሳቋን በኋላ ባስታወሰች ቁጥር ራሷን ትወቅስ ነበር።

ድርጅቱ ትንሽ ነው። እግራቸውን ላጡ ሰዎች ሰው ሠራሽ እግር እየሠራ በነፃ ይገጥማል። ግቢው ድሮ የመኪና ጋራዥ ስለነበር ወለሉ ላይ የዘይት እድፉ እስከ ዛሬ አለ። ፊት ለፊት ያለው ክፍል ሰዎች ሁለት የብረት ዘንግ ይዘው መራመድ የሚለማመዱበት ነው። ከኋላው ጀሶ የሚቦካበትና ፕላስቲክ በምድጃ የሚለሰልስበት ክፍል አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ መስኮቷ በሽቦ የታጠረች፣ የመታጠቢያ ቤት የምታክል ዕቃ ክፍል አለች። ሠራተኞቹ ሰባት ናቸው፤ ዶክተሩ፣ እግር ሠሪው፣ መራመድ የምታለማምደው ሴት፣ ጸሐፊዋ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ዘበኛውና እሷ። የሥራ መደቧ በደመወዝ መዝገብ ላይ «ሒሳብ ሠራተኛ» ነው። ደመወዙም የአንድ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። የአራት ሰው ሆኖ የመጣው ሥራው ብቻ ነው።

አባቷ ገበያ ውስጥ ሚዛን ያዥ ነበሩ። እህል ሲመዝኑ የሚዛኑን ፊት ወደ ገዢው ያዞሩ ነበር። «እኔን አትይ፤ መርፌውን እይ» ይሉ ነበር። ሌሎቹ ሚዛን ያዦች «ራሱን የማያምን ሰው» እያሉ ያሙባቸዋል። በልጅነቷ አባቷ ለምን እንደዚያ እንደሚደክሙ አይገባትም ነበር። ሰው የሚያምናቸው ሰው ነበሩ፤ ታዲያ ማዞሩ ለምን አስፈለገ? የገባት ሚዛኑ ወደ ራሷ ዞሮ አሥራ አንድ ዓመት ከሠራች በኋላ ነው።

ዕቃ ክፍሏ ውስጥ ካለው ሁሉ ውዱ ጉልበት ነው። ከጉልበታቸው በላይ ለተቆረጡ ሰዎች የሚገጠም፣ ከውጭ አገር የሚመጣ፣ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ብረት። አንዱ በትንሽ ካርቶን ይመጣል፤ በእጅ ሲይዙት ደግሞ ያስታውቃል፣ ከበድ ይላል። የአንዱ ዋጋ የእሷ የአምስት ወር ደመወዝ ነው። ስንት ጉልበት እንደሚያስፈልግ አስልታ የምታዝዘው እሷ ናት። ሲመጣ የምትረከበው እሷ ናት። ካርዱ ላይ ገቢና ወጪ የምትጽፈው እሷ፣ ቁልፉን በአንገቷ የምታንጠለጥለው እሷ፣ በየወሩ መጨረሻ ቆጥራ ካርዱና መደርደሪያው መስማማታቸውን የምታረጋግጠውም እሷ። ዶክተሩ ማዘዣው ላይ መፈረም ነበረበት፤ ግን ከቀዶ ጥገና ወደ ቀዶ ጥገና ሲሮጥ፣ «እስከዚህ ዋጋ ድረስ ያለውን አንቺው ፈርሚው» ብሏት ቀርቷል።

በሁለተኛው ዓመቷ ኦዲተር መጣና ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው አጭር ነበር። ግዢ የሚያዝዝ፣ ንብረት የሚይዝ፣ የሚመዘግብና የሚቆጥር ሰው አንድ መሆኑ አደጋ ስላለው ሥራው ይከፋፈል ይላል። አንዱ ቢሳሳት ወይም ቢያጠፋ ሌላው እንዲያየው ነው። ደብዳቤውን ስታነብ ደስ አላት። ከላይዋ ላይ ሸክም የሚያወርድላት ሰው የመጣ መሰላትና እየሮጠች ወደ ዶክተሩ ወሰደችው።

ዶክተሩ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«እህቴ፣ ይሄ ሰውዬ ሌባ ናት ነው የሚለኝ?»

«ኧረ አይደለም ዶክተር! ማንም ቢቀመጥ እንዲህ አይሁን ነው የሚለው። ለኔም እኮ ይሻለኛል።»

«ሰባት ሰው ይዤ ምኑን ከምኑ ልለየው? ለጋሾቹ ለቢሮ ሥራ ከመቶ አሥር በላይ እንዳታወጡ ብለው ፈርመው ነው የሚሰጡኝ። አንድ ሰው ልቅጠር ብል በዓመት ስንት እግር እንደሚቀር ታውቂያለሽ? ውጭ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ሄደሽ ቁጠሪያቸው።»

አግዳሚው ሁልጊዜ ሙሉ ነው። አንድ እግራቸውን ዘርግተው የሌላኛውን ሱሪ በመርፌ ቁልፍ አጥፈው የሚጠብቁ ሰዎች ፊት ስለ ሥራ ክፍፍል ማውራት ቅንጦት ይመስላል።

«ደግሞ» አለ ዶክተሩ ደብዳቤውን እየመለሰላት፣ «እኔ አንቺን አምንሻለሁ።»

ይህች ቃል ናት የበላቻት። ሰው አምንሻለሁ ሲል ደስ ይላል፤ ማን አይወድም? ማመኑ ግን ዶክተሩን ከመቁጠር አዳነው እንጂ እሷን ከምንም አላዳናትም። ያኔ ይህን የሚነግራት ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አትሰማውም ነበር። ሥራውን ትፈልገዋለች፤ ባሏ በአሮጌ ፒክአፕ ዕቃ እያመላለሰ የሚያገኘው አንዳንዴ ለነዳጁ እንኳን አይበቃም፤ ልጃቸው ትምህርት ቤት ናት።

አልሞከሩም አይባልም። መጀመሪያ እግር ሠሪው ይቁጠር ተባለ። ሁለት ወር ቆጠረ። ካርቶኖቹ ሁሉ ላይ የጀሶ እጁ ነጭ አሻራ ቀረ። በሦስተኛው ወር፣ «ሰው በአንድ እግሩ ቆሞ እየጠበቀኝ እኔ ካርቶን ስቆጥር ልዋል?» ብሎ ጥሎት ወጣ። እውነቱን ነው። ደግሞም ዕቃውን የሚጠቀመው ሰው ራሱ ቢቆጥረው ብዙም ዋጋ እንደሌለው ኦዲተሩ በቀጣዩ ዓመት ጻፈ። መራመድ የምታለማምደው ሴት ተጠየቀች፤ «ጉልበቱን ከቁርጭምጭሚቱ ሳላምታታ እቀራለሁ?» ብላ ሳቀችና አመለጠች። ዘበኛውንና የጽዳት ሠራተኛዋን ማንም አልጠየቃቸውም። ለመጠየቅም ያሰበ የለም።

በመጨረሻ፣ ሥራውን መክፈል ካልተቻለ ኃላፊው ራሱ በየወሩ ድንገት እየገባ ይቁጠርና ይፈርም ተብሎ ተስማሙ። ለትንሽ ድርጅት ይህ ደህና መላ ነበር፤ ኦዲተሩም ተቀበለው። ዶክተሩ ሦስት ወር ከነጋዎኑ መጥቶ ከእሷ ጋር ቆጠረ። አራተኛው ወር ላይ ቀዶ ጥገና ነበረበት። በአምስተኛው ክፍለ ሀገር ሄደ። በአዲሱ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጠራትና አሥራ ሁለት ባዶ የቆጠራ ወረቀት አስመጥቶ፣ «የታዛቢ ፊርማ» የሚለው ቦታ ላይ በተከታታይ ፈረመ፤ ቡናው ሳይቀዘቅዝለት ጨረሰ።

«ሥራሽን እንዳላጓትትብሽ ነው» አላት። «ቀኑን አንቺ ትሞይዋለሽ።»

ወሰደቻቸው። ይህ የእሷ ጥፋት ነው፤ መቼም አልካደችውም። መሳቢያዋ ውስጥ አስገብታ በየወሩ መጨረሻ አንድ አንድ እያወጣች ቀኑን ትጽፍ ጀመር። በሚቀጥለው ዓመትም አሥራ ሁለት፣ በሚቀጥለውም አሥራ ሁለት።

የሚያስቀው ደግሞ ለኦዲተሩ ደብዳቤ መልስ የምታረቀው ራሷ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት መልስ ጻፈች። «አስተያየቱን ተቀብለናል፤ የሰው ኃይል ሲሟላ ተግባራዊ እናደርጋለን።» መጀመሪያ ላይ ስትጽፈው ታፍር ነበር። በኋላ ያለፈውን ዓመት አውጥታ ቀኑን ብቻ መቀየር ለመደች። ኦዲተሮቹም የሚመጡት ዓመቱ ካለቀ ከአራትና ከአምስት ወር በኋላ ስለነበር ወረቀት ከወረቀት አመሳክረው ይሄዳሉ። ወረቀቱ ሁልጊዜ ይስማማል። ሁሉንም የምትጽፈው አንድ እጅ ሆና ለምን አይስማማ!

ከዚያ ባሏ ታመመ። ኩላሊት ነው አሉ። በሳምንት ሦስት ቀን ደሙ ይታጠባል፤ ሦስት ቀን ሆስፒታል ወስዳ ሥራ ትገባለች፣ ከሥራ ወጥታ ሆስፒታል ትመለሳለች። በዚህ መሐል የወር መጨረሻ ይመጣል። ወረቀቱ አለ፣ የዶክተሩ ፊርማ አለ፣ ካርዱ ላይ ቁጥሩ አለ። አንድ ቀን እግሯ አልታዘዝ ሲላት ዕቃ ክፍሏን ሳትከፍት ከካርዱ ላይ ቁጥሩን ገለበጠችው። «ነገ እቆጥረዋለሁ» አለች። በነጋታው ባሏ ራሱን ሳተ። በሚቀጥለው ወርም ገለበጠች። ባሏ ሰባት ወር ታሞ ሞተ። ከቀበረችው በኋላም ገለበጠች፤ ያኔ ድካሙ አልነበረም፣ ልማድ ሆኖ ነበር። ፒክአፑን ሸጠችና ዝናብ የሚያስገባውን የቤቷን ቆርቆሮ አስቀየረች።

በአሥራ አንደኛው ዓመት የመጣችው ኦዲተር ወጣት ናት። ከዓመቱ ማብቂያ በፊት መጣች። ሻይ ሲቀርብላት አመስግና አስቀመጠችውና፣ «ወረቀቱን በኋላ አየዋለሁ፤ መጀመሪያ ዕቃውን አብረን እንቁጠር» አለች።

ካርዱ አርባ አንድ ጉልበት ይላል። መደርደሪያው ላይ ያለው ሃያ ዘጠኝ ነው።

እንደገና ቆጠሩ። ሃያ ዘጠኝ። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ከፈቱ፤ አራት በአንድ መደርደሪያውን ከግድግዳው ነቅላ ከኋላው አየች፣ ተንበርክካ ከሥር አየች፣ የጀሶ ከረጢቶቹን ሳይቀር ዳበሰች። ሃያ ዘጠኝ።

«ባለፈው ወር ቆጥራችኋል?» አለች ኦዲተሯ።

«ወረቀቱ አለ» አለች። ዋሸች አይባልም፤ ወረቀቱ አለ።

ኦዲተሯ ወረቀቱን ለማየት መሳቢያው ጋ አብራት ሄደች። የባለፈው ወር ወረቀት ሲወጣ ከሥሩ ሌሎች አራት ተከትለው ወጡ። ቀን የላቸውም፣ ቁጥር የላቸውም። የዶክተሩ ፊርማ ግን ከታች በሰማያዊ ቀለም ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ኦዲተሯ አንዱን አነሳችና ለረጅም ጊዜ አየችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ወረቀቶቹን በቀስታ ፕላስቲክ ውስጥ አስገባች።

እሷ ከግቢው ሳትወጣ ወሬው ወጣ። ለጋሹ ገንዘቡን አግዶ መርማሪ ላከ። መርማሪው ሽማግሌ ናቸው፤ ኮታቸው ክርኑ ላይ የሳሳ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ዶክተሩንም እሷንም በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት አስቀመጧቸው።

«እነዚህን ወረቀቶች ሳይቆጥሩ ነው የፈረሙት?» አሉ ዶክተሩን።

ዶክተሩ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ የፈረምኩት እሷን አምኜ ነው» አለ።

አባባሉ ክፋት አልነበረበትም። ሰውየው ፈርቷል፤ አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች እግር ሳያገኙ ሊቀሩ ነው። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ስጦታ ሲሰጣት የኖረው ቃል በአንድ ጊዜ ክስ ሆኖ መጣ። አምኗት ነበር፤ እንግዲህ የከዳችው እሷ ናት ማለት ነው። ዞር ብላ አየችው። እሱ ግን መነጽሩን እየጠረገ ነበር።

ሽማግሌው ሥራቸውን ያውቁ ነበር። አምስት ቀን ተቀምጠው የታካሚዎቹን ፋይል አንድ በአንድ አገላበጡ። ከጉልበት በላይ የተገጠመላቸውን ቆጥረው ከዕቃ ክፍሏ የወጪ ወረቀት ጋር አመሳከሩ። በአራተኛው ቀን ጠሯትና፣ «አምስቱ ተገኙ» አሏት። እግር ሠሪው ሲቸኩል፣ በመሳቢያ የሚቀመጠውን የዶክተሩን መለዋወጫ ቁልፍ እየወሰደ፣ «በኋላ አጽፈዋለሁ» እያለ የገጠማቸው ነበሩ። ሰዎቹ በጉልበቱ እየሄዱበት ነው። አንደኛው ጭራሽ ፖስተኛ ሆኗል።

እግር ሠሪው ተጠርቶ ሲጠየቅ ራሱን ያዘ። «እውነት ነው፤ ረስቼው ነው! ሰውዬው ከሩቅ መጥቶ፣ እሷ ደግሞ ሆስፒታል ነበረች…» አለና ወደ እሷ ዞሮ፣ «ይቅር በይኝ እህቴ» አላት። አቅፋ ልትስመው ምንም አልቀራትም። ጉድለቱ ከታወቀ ወዲህ ባሉት ሰባት ሳምንታት ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳዋን ጨርሳ በላች። አምስቱ እንዲህ ከተገኙ ሰባቱም ይገኛሉ አለች። ያን ቀን ማታ ለልጇ ስትነግራት ድምጿ እንደ ድሮው ነበር።

ሰባቱ አልተገኙም።

ሽማግሌው በአምስተኛው ቀን ብቻዋን አስቀምጠው አነጋገሯት።

«ባለፈው ዓመት የመጣው ሃያ አራት ካርቶን ሲገባ ማን ከፈተው?»

«እኔ።»

«ሁሉንም?»

ያን ቀን የባሏ የሐኪም ቀጠሮ ነበር። ትልቁ ሳጥን ላይ ሃያ አራት ይላል፤ ከፍታ ከላይ ያሉትን አየችና ሃያ አራት ብላ ፈረመች። «ሁሉንም አላየሁም» አለች።

«አብሮዎት የተረከበ ሰው ነበር?»

«ማን ይኖራል?»

ሽማግሌው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «እንግዲህ እንዲህ ነው» አሉ። «አቅራቢው ጎዶሎ ልኮ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ሙሉ ነው ብለው ፈርመዋል። ያ መለዋወጫ ቁልፍ ካልተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ማንም ሊወስደው ይችል ነበር። ሳይጻፍ የተገጠመ ደግሞ ከዚህም በላይ ሊኖር ይችላል፤ የቆዩት ፋይሎች ምሉዕ አይደሉም። ወይም ደግሞ…»

«ወይም እኔ ወስጄዋለሁ።»

«ወይም። በየወሩ ተቆጥሮ ቢሆን በየትኛው ወር እንደጎደለ እናውቅ ነበር። ወሩ ቢታወቅ ሰውየውም ይታወቅ ይሆናል። አሁን ግን ጎድሎ ተገኘ እንጂ መቼ እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም።» ከዚያ ጨመሩ። «እኔ ወስደዋል አልልም። አልወሰዱም ብዬ ደግሞ መጻፍ አልችልም። ለዚህ የሚሆን አንድም ወረቀት የለዎትም። ሁሉም ወረቀት የእርስዎ እጅ ነው።»

አባቷ ትዝ አሏት። ሚዛኑን የሚያዞሩት ለገዢው አዝነው ብቻ ይመስላት ነበር። ለራሳቸውም ነበር ለካ። ጎደለብኝ ብሎ የሚጮህ ሰው ሲመጣ፣ «መርፌውን አይተሃል» ሊሉት ነው። እሷን ግን ማን አየ? አሥራ አንድ ዓመት ለብቻዋ መዘነች፣ ለብቻዋ አየች፣ ለብቻዋ ጻፈች። አሁን ምስክር ስትፈልግ ዞር ብትል ከራሷ ሌላ ሰው የለም። አለቀሰች። ሽማግሌው መሐረባቸውን አውጥተው ሰጧት፤ ሪፖርታቸውን ግን አልቀየሩም።

ሪፖርቱ «ሊረጋገጥ አልቻለም» ይላል። ሁለት ቃል። ሌባ ናት ቢል ፍርድ ቤት ሄዳ ትከራከር ነበር። ንጹሕ ናት ቢል አንገቷን ቀና አድርጋ ትሄድ ነበር። «ሊረጋገጥ አልቻለም» ግን የሚያዝ ነገር የለውም፤ ይዘው አይታገሉትም፣ ጥለውት አይሄዱም።

ሰፈር ደግሞ የራሱ መርማሪ አለው። አንዷ ጎረቤት በአጥር ላይ አሻግራ፣ «ቆርቆሮሽ እንዴት ያምራል! ስንት ጨረሰብሽ?» አለቻት። ድሮም ጠይቃት ነበር፤ ያኔ ዋጋውን ፈልጋ ነው። አሁን መልሱን አልፈለገችም።

ይህን ሁሉ ችላው ነበር። የሰበራት የልጇ ጥያቄ ነው። ልጇ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አባቷን የምትመስል፣ ዝምተኛ። እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ «እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቆጪኝ» አለች።

«ጠይቂኝ።»

«አባዬ ሲታመም… ለመድኃኒቱ… አልወሰድሽም አይደል?»

እናቲቱ አልተቆጣችም። ለመቆጣት አቅም አልነበራትም። «አልወሰድኩም ልጄ» አለች።

«አውቃለሁ» አለች ልጇ ቶሎ ብላ። ተነስታም ሳመቻት። ግን ጠይቃለች። ከመጠየቋ በፊት ደግሞ ስንት ቀን ሆዷ ውስጥ አመላልሳዋለች። ለዚህች ልጅ እንኳን የምታሳያት አንድ ነገር አልነበራትም፤ «እመኚኝ» ከማለት በቀር። እመኚኝ ማለት ደግሞ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ በዚያ ቤት ውስጥ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ለጋሹ ገንዘቡን የሚለቀው በሁለት ነገር ነው አለ፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ ትሰናበት፣ ሥራውም ይከፋፈል። የርክክቡ ቀን ዶክተሩ ሁሉንም ሰብስቦ ወረቀት አነበበ። ጉልበት ሲያስፈልግ እግር ሠሪው ይጠይቃል። ዶክተሩ ያጸድቃል። ዕቃውን መራመድ የምታለማምደው ሴት ትይዛለች። ጸሐፊዋ ትመዘግባለች። በወሩ መጨረሻ ዘበኛው ይቆጥራል። ዘበኛው ቀኑን ሙሉ በር ላይ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ነው፤ እስከ አርባ አንድ ድረስ መቁጠር እንደማንም ይችላል። ዕቃ ሲመጣ ሁለት ሰው ሆኖ ይከፈታል። መለዋወጫው ቁልፍ በታሸገ ፖስታ ይቀመጣል።

ሁሉም ተስማማ። እሷ ሰዓቷን አየች። ሃያ ደቂቃ ፈጅቶ ነበር። አንድም ሰው አልተቀጠረም፣ አንድም እግር አልቀረም። አሥራ አንድ ዓመት የማይቻል የነበረው ነገር እሷን ለማስወጣት ሃያ ደቂቃ በቃው። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ስትሰጥ ክሩ ፀጉሯ ላይ ተያዘና የጽዳት ሠራተኛዋ ፈታችላት። እግር ሠሪው አላያትም። ዶክተሩ እስከ በሩ ሸኛት። «እኔ እኮ እስካሁን አምንሻለሁ» አላት።

«አይመኑኝ ዶክተር» አለችው። «ይቁጠሩ።»

ሥራ ፈለገች። አምስት ቦታ አመለከተች፤ ሁለቱ ለቃለ መጠይቅ ጠሯት። «ለምን ለቀቁ?» ይሏታል። እውነቱን ትናገራለች፤ ጠያቂዎቹ ያዳምጧታል፣ ያዝኑላታል፣ «እንደውላለን» ይላሉ። አይፈረድባቸውም፤ እሷም ብትሆን ራሷን አትቀጥርም ነበር። አሁን በሰፈሩ አንድ ስፌት ቤት ቁልፍና ዚፕ ትተክላለች። የሚከፈላት በቁጥር ነው። ማታ ማታ የስፌት ቤቷ ባለቤት ስትቆጥርላት ቆማ ታያለች፤ ሌሎቹ ሴቶች ትተውላት ይሄዳሉ።

ከስድስት ወር በኋላ ስልኳ ጮኸ። የደወለችው ጸሐፊዋ ናት። ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሁለት ዓመት ልጅ አላት።

«እትዬ፣ ይቅርታ ስለረበሽኩዎት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። መራመድ የምታለማምደን ሴት ሌላ ቦታ ሥራ አግኝታ ሄደች፤ ቁልፉ ለጊዜው አንቺ ጋ ይሁን ብለውኝ እኔ ይዤዋለሁ። ዘበኛውም አንድ ወር ተሳስቶ ቆጠረና ዶክተር ተናደዱበት፤ አሁን እኔ ነኝ የምቆጥረው። ማዘዙንም… እግር ሠሪው ጊዜ የለኝም አለ።» ሳቀች። «ሁለተኛዋ አራት በአንድ እያለ ይቀልድብኛል!»

አራት በአንድ መርፌዋን አስቀመጠች።

«ምንድን ነው ልትጠይቂኝ የፈለግሽው?»

«የቆጠራ ወረቀቱን ነበር። ዶክተር የስድስት ወሩን አስቀድመው ፈርመው ሰጡኝ። ቀኑን የወሩን መጨረሻ ነው የምጽፈው ወይስ የቆጠርኩበትን?»

«መልሺላቸው።»

«እንዴት?»

«ወረቀቱን መልሺላቸው። መጥተው ካንቺ ጋር ቆጥረው ይፈርሙ በያቸው። እምቢ ካሉ ቁልፉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጪላቸውና ውጪ። ስሚኝ የኔ ልጅ፤ ዕቃ ሲጠፋ የሚጠፋው ዕቃው ብቻ አይደለም።»

 በስልኩ ውስጥ ከጸሐፊዋ ኋላ የምድጃው ድምፅና ዘንጉን ይዞ የሚለማመድ ሰው እርምጃ አለ።

«እሺ እትዬ» አለች በመጨረሻ። ድምጿ ቀዝቅዟል። «ግን… ሥራውን እፈልገዋለሁ። ልጄ አለች። ደግሞ ዶክተር እኮ አምንሻለሁ ብለውኛል።»

ራሷ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ያላገኘችውን መልስ ዛሬ ከየት ታምጣው? «ቢያንስ ቁጠሪ» አለቻት። «ማንም ባያይሽም፣ ቢደክምሽም፣ ልጅሽ ብትታመምም ሳትቆጥሪ አትጻፊ።» ጸሐፊዋ አመስግና ስልኩን ዘጋች።

መርፌዋን አነሳች፤ ክሩን በቀዳዳው ማስገባት አቃታት። ያቺን ልጅ ታውቃታለች፤ የሰው ዕቃ የምትነካ አይደለችም። አንድ ቀን ዕቃ ቢጎድል ልጅቷ ይህን ለማንም ማስረዳት እንደማትችል ደግሞ ከማንም በላይ ታውቃለች።